ጆሮ ክፍት ስለሆነ ብቻ አይማርም፦ ስለ እንግሊዝኛ ማዳመጥ ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

«እንግሊዝኛ መስማት ለሚቸግራችሁ አራት ምክር አለኝ። አንደኛ፣ ፖድካስት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ይሁን። ምግብ ስትሠሩም፣ ስትተኙም ይናገር። ጆሮ በራሱ ይለምዳል። አረብ አገር ሄደው አረብኛ የለመዱ እህቶቻችንን ማን አስተማራቸው? ሁለተኛ፣ ቀላል ነገር አትስሙ። ከባዱን ስትለምዱ ቀላሉ በራሱ ይመጣል። ሦስተኛ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ መስማት ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሌም አዲስ ስሙ። አራተኛ፣ የንግግሩን ጽሑፍ በፍጹም አትክፈቱ። ማጭበርበር ነው።»

ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቀን ሥራ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ከሆቴል፣ ከባንክ፣ ከትኬት ቢሮ። ይህን ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱ ላኩልኝ። ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ እውነት ነው?»

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ግን ልክ በዚህ መንገድ ሄደው ወራት የለፉ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉት «እኔ ጆሮ የለኝም» ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጆሮ አላቸው።

ወደ ነጥቦቹ ከመሄዴ በፊት ሁለት ነገር ልለይ። በስፋት ማዳመጥ ማለት ረዘም ያለና አብዛኛው የሚገባ ነገር ሳያቋርጡ መስማት ነው። ዓላማው የምናውቀውን ቃል ቶሎ እንድንይዝ ነው፤ ሳናስበው እንዲገባን። በጥልቀት ማዳመጥ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ድምፅ ይዞ፣ እያንዳንዱ ቃል እስኪለይ ድረስ መመርመር ነው። የጸሐፊው ምክር ከሁለቱም ከባድ ከባዱን ነው የወሰደው። ከአንዱ ክብደቱን፣ ከሌላው ርዝመቱን።

ስለ መጀመሪያው ነጥብ

አረብ አገር የነበሩ እህቶችን እኔም አውቃለሁ። አንዷ ዘመዴ ናት። የመጀመሪያውን ቃል እንዴት እንደያዘች ነግራኛለች። የቤቱ እመቤት ባዶ ብርጭቆ ይዛ «ጂቢ ማይ» አለቻት። ብርጭቆውን አሳየቻት፣ ወደ ፍሪጁ ጠቆመቻት። «ውሃ አምጪ» ማለት እንደሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። ቃሉ በዚያው ቀን አሥር ጊዜ ተደገመ። ብትሳሳት ደግሞ ወዲያው ይታወቃል፤ ውሃ ሲባል ሻይ ካመጣች ቁጣ አለ።

እዚያው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። ዜናው ግን «በሦስተኛው ዓመትም አልገባኝም ነበር» ትላለች። የዜናው አረብኛ ፉስሃ ነው፤ ከቤቱ አነጋገር ይለያል። ደግሞም ማንም ብርጭቆ ይዞ አያሳያትም። ስለዚህ እህቶቻችንን ያስተማራቸው የድምፁ ብዛት አይደለም። ከድምፁ ጋር አብሮ የሚታይ ነገር ነበር፣ የሚደገም ቃል ነበር፣ ወዲያው የሚመጣ እርማት ነበር።

ሌላ ምሳሌ ከቤቴ ልጨምር። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ ቅዳሴ አስቀድሳለች። ዜማው የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወድቅ ታውቃለች። ተሰጥኦውን አንድም ሳትስት ትመልሳለች። የግዕዙን ትርጉም የምታውቀው ግን ቄሱ በአማርኛ ያስረዷትን ያህል ነው። አርባ ዓመት የተሰማ ድምፅ ዜማውን ሰጥቷታል። ቋንቋውን አልሰጣትም። የሄደችው ለጸሎት ስለሆነ ምንም አልጎደለባትም። እንግሊዝኛ ለመማር ብሎ ለተቀመጠ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለእንዲህ ያለው ምክር ማስረጃ ሆኖ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ስቲቨን ክራሽን ነው። ይህ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ሰው ቋንቋ የሚይዘው በግብአት ነው ማለቱ እውነት ነው። ግን «የሚገባ ግብአት» ነው ያለው። በ1996 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ «ጠባብ ማዳመጥ» ይባላል። ሰሚው በሚያውቀውና በሚወደው አንድ ርዕስ ላይ ይቆይና አጫጭር ቅጂዎችን የፈለገውን ያህል ደጋግሞ ይሰማል። ከጠዋት እስከ ማታ ያገኙትን መክፈት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ወጥ እየሠሩ መስማት መጥፎ ነው አልልም። የሚሰማው ነገር ቀላል ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። መፈተኛው ይህ ነው፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አቁሙትና የተባለውን ሦስት ነገር በአማርኛ ለራሳችሁ ንገሩ። ሦስት ካልሞላ እያዳመጣችሁ አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ አለ ማለት ብቻ ነው።

ስለ ሁለተኛው ነጥብ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ የጎዳው ይህ ነውና።

«ከባድ» ሲባል ምን ማለት ነው? አንድ ንግግር የሚከብደን በሁለት በጣም የተለያዩ ምክንያቶች ነው። አንደኛው ቃሉን አለማወቅ ነው፤ ተጽፎ ብናየውም አይገባንም። ሁለተኛው ቃሉን እያወቁ አለመስማት ነው። ተጽፎ ስናየው «ይህማ አውቀዋለሁ» እንላለን፣ ሲነገር ግን አልፎን ሄዷል። የመጀመሪያው የቃላት ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱ ማንበብና ቃል ማጥናት ነው። ሁለተኛው የጆሮ ጉድለት ነው። ፖድካስት ስንመርጥ ይህን ካልለየን ለራስ ምታት የሆድ መድኃኒት እንደመውሰድ ነው።

እንዴት ይለያል? ጽሑፉ አብሮት የሚገኝ ፖድካስት ወይም ንግግር ምረጡ። ከመካከሉ አንድ ደቂቃ ውሰዱ፤ መግቢያውን ተዉት፣ ሰላምታና ሙዚቃ ነው። እያቆማችሁ ሁለት ጊዜ ስሙና የሰማችሁትን ጻፉ። ያልሰማችሁት ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጉ። መጻፉን አትዝለሉት። ጽሑፉን ካዩ በኋላ «ሰምቼው ነበር» ማለት ለሁላችንም ይቀናል። ከዚያ ጽሑፉን ክፈቱና ያመለጣችሁን ቁጠሩ። የማታውቁትን ቃል በቀይ፣ የምታውቁትን በሰማያዊ አስምሩ።

አንዲት ተማሪዬ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። ሁለት ፖድካስት ይዛ መጣች፤ «ሁለቱም እኩል ከበዱኝ» አለች። አንዱ ሁለት ጓደኛሞች ስለ ጉዞ የሚያወሩበት ነው። በአንዱ ደቂቃ ውስጥ 160 ቃል ነበር፤ 24 አመለጣት። ሌላው ስለ ኢኮኖሚ የሚናገር ሰው ነው። ከ150 ቃል 23 አመለጣት። ቁጥሩ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ ግን ሌላ ነው። በኢኮኖሚው ላይ ከ23ቱ 18ቱ ቀይ ነበሩ። በጓደኛሞቹ ወሬ ላይ ከ24ቱ 19ኙ ሰማያዊ ነበሩ። ሃቭ፣ ኦቭ፣ ቱ፣ ሂም፣ ዘም፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቃቸው ቃላት ናቸው።

የኢኮኖሚውን «ለጊዜው ተዪው፣ ብትፈልጊ ጽሑፉን አንብቢው» አልኳት። የጓደኛሞቹን ወሬ ያዝን። ለጥልቅ ማዳመጥ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ቃሉን ታውቀዋለች፣ የሚቀረው ጆሮዋ ብቻ ነው።

ታዲያ ስንት ቢያመልጠን ነው መተው ያለብን? ሂልዴ ቫን ዜላንድ እና ኖርበርት ሽሚት በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ100 ቃል 95ቱን የሚያውቅ ሰው ቀለል ያለ ታሪክ ሲሰማ በደንብ እንደሚረዳ አሳይተዋል። 90 ላይም ብዙዎቹ ተረድተዋል፤ ግን አንዱ ከሌላው በጣም ይለያይ ነበር። ከዚህ ተነስቼ በክፍሌ የምሠራበት ልክ አለ። ከ150 ቃል ያመለጠው ከስምንት ካልበለጠ ለስፋት ነው፤ ታክሲ ውስጥም፣ ወጥ ስትሠሩም ስሙት። ከ15 እስከ 25 ሆኖ አብዛኛው ሰማያዊ ከሆነ ለጥልቀት ነው። ከ30 በላይ ካመለጠ ግን ተዉት። ያኔ ጆሮ መያዣ አያገኝም፤ አእምሮ መገመት ይጀምራል፣ ግምቱ ደግሞ ታሪኩን ሌላ ያደርገዋል።

ክብደት የሚመጣው ከፍጥነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው ተዘጋጅቶ ሲናገር ቀላል ነው፤ የቴድ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ደቂቃ አይበልጡም፣ ተናጋሪው አንድ ነው፣ ተለማምዶበት ነው የሚወጣው። ሦስት ጓደኛሞች እየሳቁ ሲቆራረጡ በጣም ይከብዳል። ርዕሱን ማወቅም ያቀላል። የአርሴናል ደጋፊ የሆነ የባንክ ሠራተኛ አለኝ። የእግር ኳስ ፖድካስት ከደረጃው በላይ ይገባዋል፤ ተጫዋቾቹን ያውቃል፣ ጎሉን ትናንት አይቶታል፣ የሚቀረው ቃሉን ከሚያውቀው ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ሌላ ርዕስ ላይ ሲሄድ ግን ያ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በእግር ኳስ ብቻ ደረጃውን አይለካ።

ቀላል ነገርን መናቅም አይገባም። የአሜሪካ ድምፅ በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለውን ዝግጅት ሲጀምር ወደ 1500 በሚጠጉ ቃላት፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከተለመደው ዜና ቀስ ብሎ ነበር። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ገደቡንም ግን ማወቅ ይገባል፤ አንባቢው እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ስለሚጠራ የመንገዱን እንግሊዝኛ አያለማምድም። በሁለቱ መካከል ጥሩ ድልድይ የምለው የቢቢሲን የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ነው። ሁለት አቅራቢዎች አሉ፤ መጀመሪያ ጥያቄ ይጥላሉ፣ መጨረሻ ላይ ይመልሱታል፣ ጥቂት ቃል ያስረዳሉ፣ ጽሑፉም ይገኛል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ ብትይዙት አንዱ ከስድስት ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም።

ስለ ሦስተኛው ነጥብ

መጀመሪያ ወደ አማርኛችን ልውሰዳችሁ። «አደረገ» ብለን እንጽፋለን፤ ስናወራ «አረገ» ነው። «ደግሞ» እንጽፋለን፤ «ደሞ» ነው የምንለው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከአፋችን ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሆናል። አማርኛ ከመጽሐፍ የተማረ የውጭ ሰው «ምን ላርግልህ?» ስትሉት ይደነግጣል። ቃሉን አያውቀውም ማለት አይደለም። መጽሐፉ ላይ «ላድርግልህ» ነው ያየው።

እንግሊዝኛ ድምፅ በመዋጥ ከዚህ ይብሳል። እኛ አብዛኛውን ፊደል ከነአናባቢው እንጠራለን፤ ጆሯችንም ያንን ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ቃል ያጠነክርና ትናንሾቹን ይጨፈልቃል። ያቺው ተማሪዬ አንድ ቀን «ቲቸር፣ ቶልዲም ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጋ አጥታዋለች። ዓረፍተ ነገሩ «ልነግረው ይገባኝ ነበር» የሚል ነው። ሲጻፍ «አይ ሹድ ሃቭ ቶልድ ሂም» ነው፤ ሲነገር «አይ ሹደቭ ቶልዲም» ሆኗል። «ሃቭ» ሃውን ጥሎ ከፊተኛው ቃል ጋር ተጣበቀ፣ «ሂም»ም እንዲሁ። ይህን በአዲስ አዲስ ፖድካስት አታገኙትም። በአንድ ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይመጣል።

ስለዚህ ከዚያ ወሬ 40 ሰከንድ ቆረጥን። መጀመሪያ ሳታቆም ሁለት ጊዜ ሰማችውና በአማርኛ ምን እንደሚያወሩ ነገረችኝ፤ አንደኛው ጓደኛ አውሮፕላን እንዳመለጠው ገብቷታል። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆመች ጻፈች፤ ለአንዱ እስከ አምስት ጊዜ ፈቀድኩላት፣ ከዚያ በላይ ድካም ነው። ከዚያ ጽሑፉን ከፈትን፣ ያመለጧትን አሰመረች። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የሰማችውን በፊደላችን ጻፈች፤ «ቶልዲም» ብላ፣ ልክ እንደሰማችው። ይህን እወደዋለሁ፤ በተጻፈውና በተነገረው መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ ይታያል። ከዚያ ከተናጋሪው ጋር እኩል ጮክ ብላ አለችው። ጽሑፉን ገልብጣ አንድ ጊዜ ሰማች። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሌላ አንድ ጊዜ። 40 ሰከንዱ 25 ደቂቃ ገደማ ወሰደ። ከዚያ በላይ በአንድ ቀን አልመክርም፤ ጆሮ ይደክማል፣ ያልተባለ ነገር መስማት ይጀምራል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ በሌላው ቀን ግማሽ ሰዓት ቀላል ነገር በስፋት ትስማ።

በዚያች 40 ሰከንድ ውስጥ ሥራዋን የነካ ነገር አገኘች። «እችላለሁ» እና «አልችልም»። እኛ በትምህርት ቤት የምናውቀው «ካን» እና «ካንት» ነው፤ መጨረሻዋን «ት» ነው የምንጠብቀው። አሜሪካኖች ሲያወሩ ግን ያቺ «ት» ብዙ ጊዜ አትሰማም። «መሄድ እችላለሁ» የሚለው «አይ ክን ጎ» ይሆናል፤ አጭርና የተጨፈለቀ። «አልችልም» የሚለው ነው «ካን» ተብሎ ጎልቶ የሚወጣው። ማለትም ጆሯችን «ካን»ን ጥርት አድርጎ ሲሰማ፣ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው የተባለው።

ይህን ስታይ ዝም አለች። ከወር በፊት አንድ እንግዳ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ክፍሉን መልቀቅ እንደማይችል ነግሯት ነበር። እሷ «እችላለሁ» ነው የሰማችው። ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጠች። ያን ቀን የተፈጠረውን ግርግር ስታወራ አሁንም ፊቷ ይለወጣል። እንግሊዝኛ አታውቅም አሏት። ታውቃለች፤ ያላወቀችው የት ላይ መስማት እንዳለባት ነው።

አንድ ነጥብ ግን ለጸሐፊው ልስጥ። ድግግሞሽ የሚያደክምበት ጊዜ አለ። ዓረፍተ ነገሩን በቃል ከያዛችሁት በኋላ ጆሯችሁ መሥራት ያቆማል፤ የሚያወራው ትዝታችሁ ነው። ምልክቱ ተናጋሪው ከመናገሩ በፊት እናንተ መቅደማችሁ ነው። ያኔ አቁሙና ወደ ሌላ ሂዱ። ድምፁን ቀስ ማድረጊያውንም ብዙ አትመኑት። ፍጥነቱን ብትቀንሱት «ቶልዲም» ረዘም ያለ «ቶልዲም» ይሆናል እንጂ «ቶልድ ሂም» አይሆንም። የተዋጠ ድምፅ አይመለስም።

ስለ አራተኛው ነጥብ

እዚህ ላይ ግማሹን እስማማለሁ። ጽሑፉን ከፍቶ አብሮ እያነበቡ መስማት ማንበብ ነው፤ ዓይን ፈጣን ነው፣ ጆሮ ሥራ ይፈታል። ፊልምን በአማርኛ ትርጉም ማየት ደግሞ ለመዝናናት ነው። ጥፋቱ ግን ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው እንጂ ጽሑፉ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ እንደገና ጆሮ። ጽሑፉ ባይኖር ተማሪዬ ዛሬም «ቶልዲም»ን እየፈለገች ነበር። ዩቲዩብ በራሱ የሚያወጣውን ጽሑፍ ግን በጥንቃቄ ያዙት፤ ስምና የተዋጡ ቃላት ላይ ይሳሳታል። ሰው የጻፈው ያለበትን ምረጡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ፖድካስት አዲስ ክፍል ወስደን ለካን። ከ160 ቃል 11 አመለጣት፤ አምስቱ ቀይ ናቸው። ለስፋት ባስቀመጥኩት ልክ ውስጥ ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው። አሁን ወደ ሥራ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ትሰማዋለች፣ አታቆመውም። ለጥልቀት ሌላ መረጥን፤ ሦስት ሰዎች እየሳቁ የሚቆራረጡበት። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ላይ ኢርፎኗን አወጣች። «ቲቸር፣ ካይነቭ ምንድን ነው?» አለች። አፌን ሳልከፍት እጇን አነሳችብኝ፣ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ሰማችው፣ እንደገና ሰማችው። ከዚያ ደብተሯ ላይ በሰማያዊ «ካይንድ ኦቭ» ብላ ጻፈች።